«ወደ መጡበት ይመለሱ» ብለሽ እንዳትጽፊ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ኅዳር አጎቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን ሲመጡ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ላምበረት ሄጄ መቀበል አልቻልኩም። መናኸሪያ ድረስ ከሚሄዱ ሰፈራችን ላይ ቢወርዱ ይቀላቸዋል ብዬ ይህን ቴክስት ላክሁላቸው፦

ጋሼ ኮተቤ ባንኩ ጋ ይውረዱ። አስፋልቱን ተሻግረው በቀኝ ይሂዱ። ሦስተኛው ቅያስ ጋ በግራ ይግቡና ትንሽ ሲሄዱ አረንጓዴው በር ነው። ከጠፋዎት ይደውሉ።

ይህን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። አጎቴ ግን ቅቤ እንደተሸከሙ ሁለት ሰዓት ተንከራተቱ። ስልካቸውም ባትሪ ጨረሰ። በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ በራሱ ስልክ ደውሎልን፣ እሱው መርቶ አመጣቸው። እሳቸው ‹እኔ ነኝ የሳትኩት፣ አርጅቻለሁ› ይላሉ። እናቴ ግን እስካሁን አኩርፋኛለች። አሁን በጥር ለወንድሜ ሠርግ የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ ከአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ከዚያው ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። እሳቸው አያነቡም፣ ልጁ ነው የሚያነብላቸው። በዚያ ቀን ወጥቶ የሚቀበላቸው ሰው አይኖርም። ምን ብዬ ልጻፍላቸው? የሰፈሩን ንድፍ ሥዬ አያይዣለሁ።»

የእህት ልጅ፣ ከኮተቤ

መልሱ

እህቴ፣ አጎትሽ አልሳቱም። ንድፍሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ቴክስትሽን እያነበብኩ በጣቴ ተከተልኳቸው። ያልሻቸውን አንድም ሳያጓድሉ ፈጽመዋል። የጠፉትም ለዚህ ነው።

አንቺ ከሥራ የምትመለሺው ከመገናኛ በኩል ነው። ንድፍሽ ላይ ቀስቱን ያሳየሽውም ከዚያው ነው። የደብረ ብርሃን ባስ ግን ሰንዳፋንና ለገጣፎን አልፎ በካራ በኩል ነው ኮተቤ የሚገባው። መንገዱ አንድ ነው፣ አመጣጡ ግን ተቃራኒ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሽኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ነው የሚሄድ። በሩም በቀኝ ነው። ስለዚህ ከመገናኛ የመጣው ታክሲ የሚያወርድሽ ከሰፈርሽ ማዶ ነው። አስፋልቱን ትሻገሪያለሽ። ተሻግረሽ ስትቆሚ ፊትሽ ወደ ተራራው ነው፣ ቀኝሽ ደግሞ ወደ ካራ። በቀኝ ትሄጂና ሦስተኛው ቅያስ ላይ በግራ ትገቢያለሽ። ዳገቱን ወጣ ስትዪ ቤት ደረስሽ። ለአንቺ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው።

አጎትሽን ግን ባሱ ያወረዳቸው በሌላኛው ጠርዝ ላይ ነው። ማለትም በሰፈራችሁ በኩል! ገና እግራቸው መሬት ሲነካ መሻገር የሚባለው ነገር አልቆላቸዋል። ቅያሱ እዚያው ነው ያለው። እዚያ ቆመው ጮክ ብለው ቢጣሩ እናትሽ ትሰማቸው ነበር ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ግን ቴክስቱ «ተሻግረው» ይላል። ቅቤያቸውን ይዘው ተሻገሩ። አሁን ተራራው ከጀርባቸው ሆነ፤ ቀኛቸውም ወደ ላምበረት። በቀኝ ሄዱ። በዚያም በኩል ቢሆን ሦስተኛ ቅያስ አይጠፋም። ቆጠሩና በግራ ገቡ። ቁልቁለት ወረዱ። አረንጓዴ በርም አገኙ፤ በኮተቤ አረንጓዴ በር ማጣት ነው የሚከብደው። አንኳኩ። የከፈተላቸው ሰው አላወቃቸውም።

ቤታችሁን በመስታወት ብታዪው የምታገኚው ቦታ ላይ ነው አጎትሽ የቆሙት። ግማሹን ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ይሻላቸው ነበር። መሻገሩን ረስተው በዚያው ቢቀሩ፣ ከባሱ ሲወርዱ ፊታቸው ወደ ተራራው ስለሆነ፣ ቀኙም ግራውም ልክ ይመጣላቸው ነበር።

ቀኝና ግራ መንገድ ላይ የተጻፉ አይደሉም፣ ሰውዬው ላይ ናቸው። እሱ ሲዞር አብረውት ይዞራሉ። በቴክስት «በቀኝ» ስትዪ ሰውየው በዚያች ደቂቃ ፊቱ ወዴት እንደሆነ አታዪም። አንዳንዱ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ አስቦ ነው የሚጽፈው፣ አንዳንዱ ወርዶ በሩ ላይ እንደቆመ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተቀምጠሽ ቀኝሽ በሩ ነው፤ ወርደሽ ፊትሽን ወደ ሱቆቹ ስታደርጊ ቀኝሽ መኪናው የመጣበት አቅጣጫ ይሆናል። (በነገራችን ላይ፣ በአገራችን መኪና በግራ መሄዱ ቀርቶ በቀኝ የሆነው በ1956 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን አጎትሽ በዚያ ቴክስት ምን ይሆኑ እንደነበር ልነግርሽ ጀምሬ ራሴው ዞረብኝ፣ ተውኩት።)

ታዲያ ምን ይጻፍ? አስፋልት ላይ እስካሉ ድረስ ቀኝና ግራ የሚለውን እርሺው። በምትኩ መንገዱ የሚወስድበትን ቦታ ስም ጥሪ። «ወደ ካራ በኩል» ካልሽ ማንም ቢሆን፣ የትኛውም ጠርዝ ላይ ቢቆም፣ ፊቱ ወዴትም ቢሆን ትርጉሙ አንድ ነው። እትዬም ካራን ገና አሁን አልፈው ነው የመጡት። ባያውቁት እንኳ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በእጁ ያሳያቸዋል። «ቀኝ የቱ ጋ ነው?» ብሎ የሚጠየቅ ሰው ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ባሱ የመጣበትን አቅጣጫ ለመንገር ብለሽ «ወደ መጡበት ይመለሱ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እትዬ ተቀይመው በዚያው ደብረ ብርሃን ይገባሉ።

ሁለተኛው አስተማማኝ ነገር እግር የሚያውቀው ነው። ዳገትና ቁልቁለት። የእናንተ ቤት በተራራው በኩል ነው፣ ቅያሱም ዳገት ነው። ያ አንድ ቃል ቴክስቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አጎትሽ ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ «ኧረ ይሄ ነገር» ብለው ይቆሙ ነበር። ጥሩ ምልክት የሚባለው ሲደርሱበት ብቻ ሳይሆን ሲስቱትም የሚናገር ነው። ቅያሱ ውስጥ ከገቡና ዳገቱን ከያዙ በኋላ ግን «በስተግራ» ብትዪ ችግር የለውም። እዚያ ፊት የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። «ባንኩ» ለአንቺ አንድ ነው። ለእንግዳ ግን በዚያ ጎዳና ላይ «ባንክ» ማለት ምንም አለማለት ነው፤ በየጥቂት እርምጃው አንድ አለ። ንድፍሽ ላይ ከባንኩ አጠገብ ነዳጅ ማደያ አሳይተሻል። እሱን ያዢ። ከሩቅ ይታያል፣ ሰፊ ነው፣ የባሱ ረዳትም ያውቀዋል። ዋናውም ይህ የመጨረሻው ነው። የመውረጃው ስም ለእትዬ አይደለም የሚጻፈው፣ ለረዳቱ ነው። ስለዚህ ረዳቶቹ ራሳቸው የሚጠሩትን ስም ነው መጻፍ ያለብሽ። እናንተ ቤት ውስጥ የምትጠሩት ሌላ ሊሆን ይችላል።

«ሦስተኛው ቅያስ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ንድፍሽ ላይ በማደያውና በቅያሳችሁ መካከል አንዲት ቀጭን መስመር አለች፣ ስም አልሰጠሻትም። የእግር መንገድ መሰለችኝ፣ በሁለት አጥር መካከል ያለች። አንቺ አልቆጠርሻትም። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ለምን አይቆጥራትም? ሰው ይገባባታል፣ ይወጣባታል፣ መንገድ ናት። እሷ ከተቆጠረች የእናንተ ቅያስ አራተኛ ይሆናል። «ቅያስ» የሚለው ቃል ራሱ የአዲስ አበባ ሰው ቃል ነው፤ እትዬ ላይገባቸው ይችላል። መቁጠር ትቶ አፉ ላይ ያለውን ነገር መጥራት ይሻላል። በእናንተ ቅያስ አፍ ላይ እንጨት መሸጫ አለ። አጣናው ተደርድሮ ከሩቅ ይታያል፣ ጣውላው ይሸታል። ከዚህ የተሻለ ምልክት በገንዘብ አይገዛም።

ንድፍሽ ላይ ያለውን ወፍጮ ቤትም እወደዋለሁ። ወፍጮ ቤት የማያውቅ የገጠር እናት የለችም፣ በድምፁም ይገኛል። መብራት ከሄደ ግን ዝም ይላል፤ ስለዚህ ብቻውን አትደገፊበት።

«አረንጓዴ በር» የሚለውን ሰርዢው። ፀሐይ የበላው አረንጓዴ ለአንዱ ሰማያዊ ነው፣ ለሌላው ግራጫ። ከግንባችሁ በላይ የወጣ የኮክ ዛፍ ሥለሻል። ዛፍ ያለው ቤት ሌላም ሊኖር ይችላል፣ ከወፍጮ ቤቱ በኋላ በስተግራ የኮክ ዛፍ ያለው ግን አንድ ነው። የቤት ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል ወይ ብትዪኝ፣ ቢጻፍ አይጎዳም፣ ግን መንገድ ላይ የሚጠየቅ ሰው በቁጥር አያውቃችሁም። ሰፈሩ በምን እንደሚያውቃችሁ ነው መጻፍ ያለበት። አባትሽ መምህር እንደነበሩ ንድፍሽ ላይ ጽፈሻል። ጎረቤት «የመምህሩ ቤት» ይላል? እንግዲያው እሱ ነው አድራሻችሁ። ባለሱቁን ጠይቂው፣ በማን ስም እንደምትጠሩ ከእናንተ የተሻለ እሱ ያውቃል።

ድንኳንን በምልክትነት እንዳትጽፊ ደግሞ አደራ። የሠርግ ቤት ስለሆነ ይቃጣሻል። እኔ አንድ ጊዜ «ድንኳን ታያለህ» ተብዬ ለቅሶ ሄጄ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ገብቼ፣ ንፍሮ ተሰጥቶኝ፣ ግማሽ ሰዓት አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። የሟቹን ስም ሲጠሩ ነው የነቃሁት። እንዲህ በቀላሉ ተነስቶ መውጣትም ነውር ነው። በጥር ደግሞ በየቅያሱ ድንኳን ነው። እትዬ የሌላ ሰው ሙሽራ ላይ እልል ብለው እንዳይመለሱ።

አሁን ስለ ስልኩ። ባለ ቁልፍ ነው ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል ጠቅጠቅ ብሎ ስለሚገባ 160 ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ራሱ ይቆርጠውና በ67 በ67 እያደረገ ይልከዋል። ሦስቱ ለመቀጠያ ምልክት ይቀነሳሉ።

ለአጎትሽ የላክሽውን ቆጠርኩት። 95 ነው። ስለዚህ ሁለት ሆኖ ነው የሄደው። የመጀመሪያው ቁራጭ «ትንሽ ሲ» ላይ ያበቃል። ሁለተኛው «ሄዱ አረንጓዴው በር ነው» ብሎ ይጀምራል። አብዛኛው ስልክ ሁለቱን መልሶ ይገጥማቸዋል። ግን አሮጌ ስልክ ሁሉ አያደርገውም፤ ለያይቶ የሚያሳይም አለ፣ አንዱ ቁራጭ ዘግይቶ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። ያ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ «ሄዱ አረንጓዴው» የሚል ነገር ቢያነብላቸው እትዬ ምን ይበሉ?

«እንግዲያው በእንግሊዝኛ ፊደል ልጻፈው» እንዳትዪ። «ቀኝ» ሁለት ፊደል ናት፤ በላቲን ስትጻፍ አራት ትሆናለች። ስለዚህ 160ው ከምታስቢው ቶሎ ያልቃል። ለአሥር ዓመት ልጅ ማንበቡም ስቃይ ነው። ይልቅ ቀድመሽ አንድ አጭር መልእክት በአማርኛ ላኪና ልጁ ምን እንደሚያይ ጠይቂው። አንዳንድ አሮጌ ስልክ የእኛን ፊደል ባዶ ሣጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ሣጥን ካየ ደውለሽ አንብቢለት፣ እሱ በደብተሩ ይጻፈው።

ፊደሉ ከታየ ግን መንገዱን ራስሽ ቁረጪው፣ ስልኩ እንዳይቆርጥብሽ። ሰው ቆሞ ማሰብ ያለበት ቦታ ላይ ቁረጪ። የእናንተ መንገድ እንዲህ ያለ ሦስት ቦታ አለው፤ ሲወርዱ፣ ዳገቱን ሲይዙ፣ በሩን ሲፈልጉ። እኔ እንዲህ ጻፍኩት፦

1. ማደያው ጋ ወራጅ ይበሉ። አስፋልቱን አይሻገሩ። ወደ ካራ በኩል በእግር ይሂዱ።

2. እንጨት መሸጫው ጋ ሲደርሱ ዳገቱን ይውጡ። ድልድይ ካዩ አልፈውታል።

3. ወፍጮ ቤቱን አልፈው በስተግራ የኮክ ዛፍ ያለበት በር። የመምህሩ ቤት ብለው ይጠይቁ።

የመጀመሪያው 52 ፊደል ነው፣ ሁለተኛው 45፣ ሦስተኛው 56። ሦስቱም ሳይቆረጡ ይደርሳሉ። ለአጎትሽ ከላክሽው የሚበልጠው በአንድ መልእክት ዋጋ ብቻ ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ላይ ያደረግሁት ተዘበራርቀው ቢደርሱ ልጁ እንዲያስተካክላቸው ነው።

ሁለት ነገር ላብራራ። «አስፋልቱን አይሻገሩ» ያልኩት ማንም ሳያዛቸው ይሻገራሉ ብዬ አይደለም። አጎትሽ ስለ መሻገር ሳያወሩላቸው የቀሩ አይመስለኝም። «ከወረድሽ በኋላ ትሻገሪያለሽ» የሚል ወሬ ጆሯቸው ውስጥ ካለ ቴክስቱ ሊያወጣው ይገባል። ድልድዩን ደግሞ ከንድፍሽ ላይ ነው ያገኘሁት፤ ከእንጨት መሸጫው አልፎ ወደ ካራ በኩል ወንዟ ላይ ያለችው። ሰው መንገድ ሲያሳይ እስከ ቤቱ ድረስ ያለውን ብቻ ነው የሚናገረው። ከቤቱ ማዶ ያለውን አይናገርም። ያለፈ ሰው ግን ማለፉን የሚነግረው ነገር ከሌለ እስኪደክመው ይሄዳል። «ትንሽ» የሚለውንም ቃል ያወጣሁት ለዚህ ነው። ለገጠር ሰው ትንሽ መንገድ ማለት አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ድልድዩ ግን ድልድይ ነው።

«ይውጡ»፣ «ይሂዱ» እያልሽ በአክብሮት መጻፍሽን እንዳትተዪ። ፊደል ለመቆጠብ ብለሽ «ሂጂ» ብትዪያቸው የምታተርፊው አንድ ፊደል ነው። ደግሞ ይህን ስልክ እትዬ ብቻ አይደሉም የሚያዩት። ልጁ ያነበዋል፣ ልጁ ግራ ሲገባው ለአንዲት ቡና አፍይ ወይም ለአንድ ዘበኛ ያሳዩታል። ስለዚህ «እኛ ቤት»፣ «እዚያ የምታውቂው ጋ» የሚል ነገር አይግባበት። ጨርሶ የማያውቃችሁ ሰው አንብቦ በእጁ ሊጠቁም መቻል አለበት።

«ከጠፋዎት ይደውሉ» የሚለውን ያወጣሁት ስለማያስፈልግ አይደለም። ባትሪ ያለቀበት ሰው ስልኩ ውስጥ ያለውን ቁጥርሽንም ቴክስትሽንም አብሮ ነው የሚያጣው። የአጎትሽም ባትሪ አልቆ ነበር። ልጁ ሦስቱን መልእክትና ያንቺንና የእናትሽን ቁጥር በወረቀት ይገልብጥ። ወረቀቱን እትዬ ገንዘባቸውን የሚቋጥሩበት የነጠላቸው ጫፍ ውስጥ ይቋጥሩት። እዚያ የገባ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ስማርት ስልክ ለያዘ እንግዳ በቴሌግራም ሎኬሽን መላክ ይቻላል፣ ግን ነጥቧ አንዳንዴ በግቢው ጀርባ ባለው ቅያስ ላይ ትወድቃለች፤ ለእሱም ቢሆን ሦስተኛውን መልእክት ጨምሪለት።

መልእክቶቹን በጉዞው ጠዋት ሳይሆን ከዋዜማው ማታ ላኪ። ከዚያ ደውይና ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። አንብቦ ሲጨርስ «እሺ፣ ማደያው ጋ ወረዳችሁ፣ ቀጥሎስ?» በይው። በራሱ ቃል ይንገርሽ። «ገብቶኛል» ካለሽ አትመኚው፣ ሰው ሁሉ ገብቶኛል ይላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ከሰዓት መሥዋዕት አድርጊ። በታክሲ ቤትሽን አልፈሽ ካራ ድረስ ሂጂ። እዚያ ወርደሽ ወደ መገናኛ የሚመለሰውን ያዢና ማደያው ጋ ውረጂ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ በኩል ወርደሽ የምታውቂ አይመስለኝም። ሰፈርሽ ሌላ ሰፈር ይመስልሻል። ቴክስቱን አውጪና የተጻፈውን ብቻ አድርጊ፣ የምታውቂውን አትጨምሪበት። እንጨት መሸጫው ከማደያው በኩል ሲመጡ ይታያል ወይስ የቆመ መኪና ይከልለዋል? ከሰሞኑ የመንገድ ሥራ የተነሳ የፈረሰ ነገር አለ? እሑድ ከሆነ የሚመጡት፣ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ሲሆን በሩ ወፍጮ ቤት ይመስላል? ካልመሰለ ልጁ ሊያነበው የሚችል ሌላ ነገር ፈልጊ።

እና ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ ለአጎትሽ ደውይ። «ጋሼ፣ መንገዱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» በያቸውና እንዴት እንደሆነ አስረጂያቸው። ከዚያ ሦስቱን መልእክት አንብቢላቸው። ከካራ በኩል መጥቶ ማደያው ጋ በእግሩ የቆመ ሰው ከቤተሰቡ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባሱ የቱ ጋ እንዳቆመ፣ ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት ምን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚነግርሽ የለም። ማደያው ሳይሆን ሌላ ነገር ካሉሽ፣ የእኔን ትተሽ የእሳቸውን ጻፊ።